የመውለድ አቅም መመለስ ምንድን ነው? ከመርፌ፣ ከክንድ፣ ከክኒንና ከፖስት ፒል በኋላ

የወሊድ መከላከያ ካቆሙ በኋላ እንቁላል እንደገና መውጣት ሲጀምር የመውለድ አቅም ተመለሰ ይባላል። የሚፈጀውን ጊዜ የሚወስነው መከላከያውን ስንት ዓመት መጠቀም ሳይሆን ሆርሞኑ ከሰውነት ለመውጣት የሚወስድበት ጊዜ ነው።

ብዙ ጥያቄ የሚነሳው በሦስት ወሩ መርፌ፣ በዴፖ ላይ ነው። 150 ሚሊግራሙ መድኃኒት ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ አንዴ ከተወጋ መልሶ ማውጣት አይቻልም። የመጨረሻ መርፌዋን መስከረም 5 የተወጋች ሴት ቀጠሮዋ ታኅሣሥ 5 ገደማ ነው። ለማርገዝ ብላ ብትቀርም ጥር ላይ ካላረገዘች መደንገጥ የለባትም። በአማካይ ከመጨረሻው መርፌ 10 ወር ገደማ ይወስዳል፤ የእሷ ሐምሌ ላይ ይውላል ማለት ነው። ይህ አማካይ ነው፤ ቀድማ የምታረግዝም ስላለች መዘግየቱን እንደ መከላከያ መቁጠር ያስቸግራል። በመርፌው የወር አበባ መቅረቱም ደሙ ሰውነት ውስጥ ታምቋል ወይም ማኅፀን ደርቋል ማለት አይደለም፤ የማኅፀኑ ሽፋን ስለሚሳሳ የሚፈስ ነገር አይኖርም። መርፌው ክብደት ሊጨምር ይችላል። ቀጠሮ ስለሚረሳ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ተጠቃሚዎች 4 ያህሉ ያረግዛሉ።

በክንድ የሚቀበረው ግን ሲወጣ ሆርሞኑ አብሮ ይሄዳል። ኢምፕላኖን ከወጣ በኋላ በሳምንት ገደማ ከደም ይጠፋል፤ በሚቀጥሉት ሳምንታት ማርገዝ ይቻላል። የሚረሳ ነገር ስለሌለው በዓመት የሚያረግዙት ከ1000 አንዷ ገደማ ናቸው። ሴቶች ቀድመው የሚያስወጡት በአብዛኛው በተዘበራረቀ ደም ምክንያት ነው። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንና የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኢፋቪሬንዝ ኃይሉን ስለሚቀንሱት የሚወስዱትን መድኃኒት ለባለሙያው መናገር ግድ ነው። ዴፖ ላይ ይህ ችግር የለም።

ክኒን ሲቆም አቅሙ ቶሎ ይመለሳል። ድክመቱ መረሳቱ ነው፤ በየቀኑ በሰዓቱ ከተወሰደ ከ100 አንዷም አታረግዝም፣ በተለመደው አጠቃቀም ግን 7 ያህሉ ያረግዛሉ። መጀመሪያ ላይ ማቅለሽለሽ ይኖራል። ኤስትሮጅን ያለበት ዓይነት ልጇ 6 ወር ላልሞላው አጥቢ እናት፣ እንዲሁም ከ35 ዓመት በላይ ሆና ለምታጨስ ሴት አይሆንም።

ያለ መከላከያ ግንኙነት ከተደረገ በኋላ የሚዋጠው ፖስት ፒል የሚሠራው እንቁላል መውጣቱን በማዘግየት ነው፤ እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ብዙም አይጠቅምም። ስለዚህ ከግንኙነቱ በኋላ 72 ሰዓት እስኪሞላ ሳይጠበቅ በቶሎ ይዋጣል። ሁለት ባለ 0.75 ሚሊግራም ክኒን ከሆነ አንድ ላይ መዋጥ ይቻላል። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ይደገማል። አቅምን የሚያቆይ ነገር የለውም፤ እንዲያውም በነጋታው ያለ መከላከያ ግንኙነት ቢደረግ አይከላከልም። የወር አበባ ከተጠበቀበት ቀን ከሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ያስፈልጋል።