ደንበኛ በደንበኛ፦ በውበት ሳሎን ሰው ላመጣ የሚሰጥ ሽልማት

«ሪፈራል» ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚታወሰው የሆስፒታል ወረቀት ነው። በንግድ ግን ነባር ደንበኛ አዲስ ስታመጣ ቤቱ የሚሰጣት ምስጋና ነው። «ፀጉርሽን ማን ሠራሽ?» መባባል ከሽልማቱ በፊትም የነበረ ነው፤ ሽልማት የሚያፋጥነው ጥሩ ሥራ የወለደውን ወሬ ብቻ ነው።

በጥናት በደንብ የተመዘገበው የአንድ የጀርመን ባንክ ልምድ ነው። ሽሚት፣ ስኪራ እና ቫን ደን ቡልት እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት ወደ 10,000 የሚጠጉ ደንበኞችን ለ33 ወራት ተከታትለዋል። ባንኩ ሰው ላመጣ 25 ዩሮ ይሰጥ ነበር። በሰው በኩል የመጡት ከሌሎቹ በአማካይ 16 በመቶ የበለጠ ጥቅም አስገኝተዋል፤ ቶሎም አልሸሹም። ሳሎን ባንክ ስላልሆነ ቁጥሩ እንዳለ አይወሰድም። ምክንያቱ ግን ሳይሠራ አይቀርም፤ ጋባዧ የጓደኛዋን ፀጉርም ኪስም ታውቃለች።

የሽልማቱ መጠን የሚወጣው ከአንድ ሥራ ትርፍ ነው። ለምሳሌ ሹሩባ 500 ብር ቢሆን፣ የሠራተኛዋ ፐርሰንት 200፣ ዕቃው 100 ቢወስድ ለቤቱ 200 ይቀራል። ከዚህ ላይ አዲሷ 50 ብር ይቀነስላታል፤ ላመጣቻት ደግሞ 150 ብር የሚያወጣ ትሪትመንት ይሰጣታል። ትሪትመንቱ ቤቱን የሚያስወጣው 40 ብር የቅባትና 60 ብር የፐርሰንት፣ በድምሩ 100 ብር ነው። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን 50 ብር ይተርፋል። ጥሬ ገንዘብ ቢሰጥ ግን 150ው ሙሉ በሙሉ ከመሳቢያ ይወጣል፤ ጋባዧም ተመልሳ እንድትመጣ የሚያደርጋት ነገር አይኖርም። ለሁለቱም መስጠቱ «ልትሸጠኝ ነው» የሚለውን ሐሜት ያበርዳል።

ቅናሹ ከሠራተኛዋ ፐርሰንት ከተቆረጠ አሠራሩ በሳምንት ይሞታል፤ በቅናሽ የመጣችውን እያስጠበቀች ሙሉ የምትከፍለውን ታስቀድማለችና። ፐርሰንቷ ከሙሉው 500 ብር ይታሰብላት።

ለምዝገባ አንድ ደብተር ይበቃል፦ የአዲሷ ስልክ፣ የጋባዧ ስልክ፣ ቀኑ፣ ሽልማቱ የተሰጠበት ቀን። «ማን ነገረሽ?» የሚባለው ስትገባ እንጂ ሒሳብ ስትከፍል አይደለም፤ ቅናሽ መኖሩን ከሰማች በኋላ ስም መፈለግ ትጀምራለች። ስልኩ ቀድሞ ደብተሩ ላይ ካለ አዲስ አይደለችም። ሽልማቱ የሚጸናው አዲሷ ከፍላ ስትወጣ ነው፤ ያኔውኑ ለጋባዧ መልእክት ይላክላት። የዘገየ ሽልማት እንደተካደ ይቆጠራል።

ከሦስት ወር በኋላ ደብተሩ ይገለጣል። በሰው የመጡት በራሳቸው ከገቡት ባነሰ መጠን ከተመለሱ፣ ቅናሹ ቅናሽ አሳዳጆችን ሰብስቧል ማለት ነው፤ የአዲሷ ድርሻ ይቀነስ። አንድ ስልክ በወር አሥር ሰው ካመጣ ደግሞ ደላላ ገብቷል፤ በወር ሦስት ሰው ላይ መገደብ ይበጃል።

ሽልማቱ ከአንድ እርከን አይለፍ። ያመጣኋት ካመጣቻት ላይ ድርሻ ይድረሰኝ የሚያሰኝ ሰንሰለት የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ወደከለከለው የፒራሚድ ሽያጭ ይጠጋል።