ለእሷ አንድ፣ ለእኔ ሁለት መድኃኒት ለምን?

ሰሞኑን ለማረጥ ስለሚሰጥ የሆርሞን ሕክምና ይህ ጥያቄ ስለበዛ ላስረዳ።

ሁለት እህትማማቾች እናስብ። ሁለቱም በቅርቡ አርጠዋል፤ ሌሊት ድንገተኛ ሙቀትና ላብ እንቅልፍ ነስቷቸዋል። ታላቅየዋ በእጢ ምክንያት ማህፀኗ ወጥቷል። ለእሷ አብዛኛውን ጊዜ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ብቻውን ይበቃል። ታናሽየዋ ግን ማህፀን አላት። ኤስትሮጅን ብቻውን የማህፀኗን ውስጠኛ ሽፋን ያወፍረዋል፤ ሲቆይ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ፕሮጄስትሮን የተባለ ሁለተኛ ሆርሞን የሚታከልላት ለዚህ ነው፤ ትርፍ መድኃኒት አይደለም!

ጥምረቱ የጡት ካንሰርን ስጋት በመጠኑ ይጨምራል። ምን ያህል? በሚወሰድበት ዓመት ብዛትና እንደ ሴትየዋ ጤና ይለያያል። ጡቷን ካንሰር ይዟት ለሚያውቅ ሴት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይታዘዝም።

ሆርሞኑ አጥንትንም ከመሳሳት ይጠብቃል፤ ሲቆም ግን መሳሳቱ ይቀጥላል። ስለዚህ ከማቆሟ በፊት ስለ አጥንቷ ሐኪሟን ታማክር።