የክፍያ ማስታወሻ ምንድን ነው? «ማነው?» ሲባል «እኔ ነኝ» ማለት አይበቃም

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ የማውቀው የማተሚያ ቤት ባለቤት ስልኩን አቀበለኝ። ኮምቦልቻ ያለ ሆቴል ብር ይዞበታል። «ይኸው ሁለቴ ማስታወሻ ልኬ ዝም ብለውኛል» አለ። አነበብኩት። የመጀመሪያው «ሰላም ነው ጋሼ? ያቺ ነገር እንዴት ሆነች?» ይላል። ሁለተኛው ከአራት ቀን በኋላ የሄደ ነው፦ «ካልከፈሉ በሕግ እጠይቃለሁ»።

አንዱ ሰላምታ ነው፣ ሌላው ዛቻ። ማስታወሻ የሚባል የለም።

የክፍያ ማስታወሻ ማለት ቀኑ ያለፈውን ሂሳብ ለይቶ የሚናገርና ብሩ የት እንደቆመ የሚጠይቅ አጭር ጽሑፍ ነው። ሰው ቤት እንደመሄድ ቁጠሩት። አጥር ላይ ቆማችሁ «ቤቶች!» ትላላችሁ። ከውስጥ «ማነው?» ይላሉ። «እኔ ነኝ!» የሚል ሰው አለ አይደል? እሱን ድምፁን የሚያውቀው ብቻ ነው የሚከፍትለት። «ያቺ ነገር» ማለት ይኸው «እኔ ነኝ» ነው። በሩን በእግር መምታት ደግሞ ሁለተኛው መልእክት። ደጃፉም ራሱ ተሳስቷል። ጋሼ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፣ ቼክ የሚያዘጋጀው ሂሳብ ክፍሉ ነው። ሂሳብ ክፍሉ ደግሞ የማተሚያ ቤቱን ሰው በድምፅ አያውቀውም።

አንዱ «ለብር ይሉኝታ ምን ያደርጋል? በቀን ሁለቴ መደወል ነው» ሲል ሰምቻለሁ። ወንድሜ፣ ይሉኝታ ሌላ፣ ትሕትና ሌላ። ይሉኝታ የብሩን መጠን ያስውጥሃል። ትሕትና ግን መጠኑን፣ ቁጥሩንና ቀኑን ተናግረህ፣ ሰውየው ሆን ብሎ አስቀረብኝ ብለህ አለመነሳት ነው። ስልክ ደግሞ ፋይል ውስጥ አይገባም። ሂሳብ ሠራተኛዋ ፈራሚው ዘንድ ይዛ የምትገባው ወረቀት ነው የምትፈልገው።

የወዳጄን ንዴት ግን እረዳለሁ። ሥራው 40,000 ብር ነው፣ 15 በመቶ ቫት ሲጨመር 46,000። ቫት ለግብር ቢሮ የሚታሰበው ብሩ ሲገባ ሳይሆን ደረሰኙ በተቆረጠበት ወር ስለሆነ፣ 6,000ውን ከኪሱ ከፍሏል። በዱቤ የሚሸጥ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

አብረን ይህን ጻፍን፦

«ለሂሳብ ክፍል ኃላፊ። ጤና ይስጥልኝ። ለሆቴላችሁ ያተምነው ሜኑና የእንግዳ መመዝገቢያ ካርድ፣ የደረሰኝ ቁጥር 0417፣ ከነቫቱ 46,000 ብር፣ መክፈያ ቀኑ ጥር 15 ነበር። እስከ ዛሬ ጥር 27 ባንካችን አልገባም። ከእኛ በኩል የጎደለ ወረቀት ካለ ዛሬውኑ እልካለሁ። ከሌለ ደግሞ የሚከፈልበትን ቀን ቢያሳውቁኝ። የደረሰኙን ፎቶና የባንክ ቁጥራችንን አያይዣለሁ። አመሰግናለሁ።»

ከዚህ ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያዝ፣ ሌላውን ጣል ብባል «የጎደለ ወረቀት ካለ» የሚለውን ነው የምይዘው። ላልከፈለው ሰው ሳያፍር መልስ የሚሰጥበት መንገድ ይከፍትለታል። ብዙ ጊዜም እውነትም የጎደለ ነገር ይገኛል።

ስለ ሕጉ ካነሳን፣ ማስጠንቀቂያ ራሱን የቻለ ነገር ነው። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772 መሠረት፣ ውል አልተፈጸመልኝም ብሎ ለመጠየቅ በመደበኛው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። የሚቀጥለው አንቀጽ ደግሞ ባለገንዘቡ እንዲፈጸምለት መፈለጉን የሚያሳይ ማንኛውም ድርጊት ማስጠንቀቂያ ሊሆን እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ በትሕትና የጻፋችሁትም ቢሆን ቅጂው ይቀመጥ። ግን የመጀመሪያ መልእክት ላይ ፍርድ ቤት መጥራት፣ «ቤቶች!» ሳይሉ ፖሊስ ይዞ እንደመምጣት ነው።

መልሱ በዚያው ቀን ከሰዓት መጣ። ሂሳብ ሠራተኛዋ «ወላሂ ረስተን አይደለም» ብላ ጀመረች። ደረሰኙ ላይ የሆቴሉ የግብር ከፋይ ቁጥር አንድ አሃዝ ተሳስቷል። እሷም ለጋሼ ነግራቸው ነበር፣ ጋሼ ለእኛ ሰው መንገር ረሱት። ዋናው ደረሰኝ በታክሲ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ተመለሰና ተሰረዘ፣ አዲሱ ወረደ። የቀድሞው ሳይመለስ ሌላ እንዳትቆርጡ፤ ለአንድ ሥራ ሁለት ቫት ይቆጠርባችኋል።

ብሩ በሦስተኛው ቀን ገባ። ወዳጄ ደውሎ «ጎደለ!» አለኝ። ሆቴሉ በወዳጄ ስም ለግብር ቢሮ የሚያስገባውን ተቀናሽ ግብር ይዞ ነው የከፈለው። ሁለተኛ ማስታወሻ ሊጽፍ ተነስቶ ነበር፤ የተቀናሽ ደረሰኙን ብቻ እንዲጠይቅ ነገርኩት።