አማቶክሲን ምንድን ነው? እሳት የማይበግረው የእንጉዳይ መርዝ

እ.ኤ.አ. በ2021 ነሐሴ ላይ ከካቡል የወጣ አንድ የአፍጋን ቤተሰብ ፖላንድ ገባ። ዋርሶ አቅራቢያ ባለ የስደተኞች ማዕከል አረፈ። አካባቢው ጫካ ነው። ቤተሰቡ ከዚያ እንጉዳይ ለቀመና ሾርባ ሠራ። ብዙም ሳይቆይ የ5 እና የ6 ዓመት ወንድማማቾች ሞቱ። ለትልቁ ልጅ ጉበት ተተክሎለት ነበር፤ አላተረፈውም።

ሾርባ ነው የሠሩት። ጥሬውን አልበሉትም። ውሃ ፈልቷል፣ እንጉዳዩም በስሏል። ብዙዎቻችን "በደንብ ከበሰለማ ምን ያደርጋል?" ብለን የምናስበው ነገር እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው።

ልጆቹን የገደለው አማቶክሲን የሚባል መርዝ ነው። በዋናነት የሚገኘው አማኒታ ፋሎይደስ በሚባለው እንጉዳይ ውስጥ ነው። ባርኔጣው ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ቢጫማ ነው። ከባርኔጣው ሥር ያሉት ስስ ገጾች ነጭ ናቸው። ግንዱ ላይ ቀሚስ የመሰለ ቀለበት አለው፤ ሥሩ ደግሞ አፈር ውስጥ ከተቀበረ ከረጢት ይወጣል። ገና ሳይበቅል ሲታይ እንቁላል ይመስላል። በልተውት የተረፉ ሰዎች "ይጣፍጣል" ይላሉ። አይመርም፣ አይሸትም።

እሳት ለምን አያጠፋውም? እሳት ምግብ ላይ ምን እንደሚሠራ እናስብ። አንደኛ፣ ሕይወት ያለውን ይገድላል። የሥጋ ትል፣ የወተት ተህዋስ በሙቀት ይሞታል። ሁለተኛ፣ ትልልቅ ፕሮቲኖችን ይፈታል። የእንቁላል አስኳል ዙሪያ ያለው ፈሳሽ መጥበሻ ላይ ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። የተጠቀለለ ክር ተፈታ፣ ቅርጹን አጣ። ቅርጹን ያጣ ፕሮቲን ሥራውንም ያጣል። ጥሬው ሆድ የሚያውክ፣ ሲበስል ግን የሚበላ እንጉዳይ አለ። "ማብሰል ያድናል" የሚለው እምነት የመጣው ምናልባት ከዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አማቶክሲን ግን ተህዋስ አይደለም፤ የሚሞት ነገር የለውም። የተጠቀለለ ትልቅ ፕሮቲንም አይደለም። ስምንት አሚኖ አሲዶች ብቻ ተያይዘው የሠሩት ትንሽ ቀለበት ነው። መሃሉ ላይ ደግሞ ከወዲያ ወዲህ የሚያስር ድልድይ አለው። ጫፍ የለው፣ የሚፈታ ቋጠሮ የለው። የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው። ምድጃው 200 ቢሆን እንኳ እርጥብ ምግብ ውስጡ ከ100 ብዙም አያልፍም። ይህ ሙቀት ለዚያ ቀለበት ምንም ማለት አይደለም። ማድረቅም ማቀዝቀዝም አይነካውም። በ2023 አውስትራሊያ ሊዮንጋታ በምትባል ከተማ ለምሳ የተጋበዙ ሦስት ሰዎች የሞቱት በዚሁ እንጉዳይ ነው። በሊጥ ተጠቅልሎ ምድጃ ውስጥ የተጋገረ ሥጋ ነበር የቀረበላቸው። ጋባዧን በ2025 ፍርድ ቤት በግድያ ጥፋተኛ ብሏታል።

"ታዲያ የተቀቀለበትን ውሃ ብደፋውስ?" የሚል ይኖራል። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት ጉዳቱን እንደሚቀንስ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይገርምም። እርግጥ አማቶክሲን ውሃ ውስጥ ይሟሟል። ከፊሉ ይወጣል። ችግሩ የሚቀረው መጠን ነው። ለአንድ ሰው ገዳይ የሚባለው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.1 ሚሊግራም አካባቢ ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ሚሊግራም፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 2 ሚሊግራም ማለት ነው። ይህን ያህል አንድ መካከለኛ እንጉዳይ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ግማሹ ከውሃው ጋር ቢደፋ ለልጁ የሚበቃው ይቀራል። ሾርባ ከሆነ ደግሞ የሚደፋ ነገር የለም፤ ውሃው ራሱ ይጠጣል።

ከሁሉ የሚከፋው መርዙ የሚዘገይ መሆኑ ነው። አማቶክሲን ሕዋስን በአንዴ አይገድልም። ሕዋስ ከዘረመሉ ላይ መመሪያ እየገለበጠ ፕሮቲን ይሠራል። መርዙ የሚይዘው ያንን ገልባጭ ነው። ገልባጩ ሲቆም ሕዋሱ ባለው ስንቅ ይኖራል፤ ስንቁ ሲያልቅ ይሞታል። ስለዚህ ከበሉ በኋላ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ምንም የለም። ምሳ የበላ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ነው የሚነሳው። ከባድ ትውከትና ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይይዘዋል። ከዚያ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ሻል ይለዋል። ይበላል፣ ያወራል፣ "ተሻለኝ፣ ወደ ቤቴ ልሂድ" ይላል። ጉበቱ ግን ያኔ እየፈረሰ ነው። ጉበት መርዙን ስቦ ያስገባል፣ በሐሞት በኩል ወደ አንጀት ይለቀዋል፣ አንጀት መልሶ ይመጠዋል፣ እንደገና ጉበት ይገባል። በዚያ "ደህና" ቀን የጉበት የደም ምርመራ ካልተሠራ ማንም አያውቅም።

ሙስካሪን ደግሞ ሌላ ጠባይ ያለው የእንጉዳይ መርዝ ነው። ስሙ የመጣው ነጭ ነጠብጣብ ካለበት ቀዩ እንጉዳይ፣ ከአማኒታ ሙስካሪያ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1869 የተለየው ከእሱ ስለሆነ ነው። የሚገርመው ቀዩ ውስጥ ያለው ሙስካሪን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በብዛት የሚገኘው ኢኖሳይቤ እና ክሊቶሳይቤ በሚባሉ፣ ማንም ልብ በማይላቸው ትንንሽ ቡናማና ነጭ እንጉዳዮች ውስጥ ነው። እሱም ሲበዛ ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ድስት አይፈታውም።

ሙስካሪን ግን አይደበቅም። ከ15 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውየው በላብ ይጠመቃል። ምራቁና እንባው ይወርዳል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ልቡ ትዘገያለች፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። መርዙ ሰውነታችን ራሱ ለነርቮች የሚጠቀምበትን መልእክተኛ አስመስሎ ይሠራል። ልዩነቱ፣ የራሳችንን መልእክተኛ ሥራው ሲያልቅ የሚያጠፋው ኤንዛይም አለ፤ ሙስካሪንን ግን አያጠፋውም። ደግነቱ ማርከሻ አለው። አትሮፒን የሚባለው መድኃኒት በሐኪም እጅ በሰዓቱ ከተሰጠ ይመልሰዋል። ለአማቶክሲን እንዲህ ያለ ቁርጥ ያለ ማርከሻ የለም። ሐኪሞች ፈሳሽ ይሰጣሉ፣ የነቃ ከሰል ያጠጣሉ፣ ሲሊቢኒን በሚባል መድኃኒት መርዙ ጉበት እንዳይገባ ለመከላከል ይሞክራሉ። ካልሆነ ንቅለ ተከላ ነው።

ስለዚህ ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሰዓት በላህ? ስንት ሰዓት ጀመረህ?" ነው። ከ6 ሰዓት በላይ ከዘገየ አማቶክሲን ይጠረጠራል። ቶሎ ጀመረ ማለት ግን ከእሱ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ሰው ከጫካ የተለያየ እንጉዳይ ቀላቅሎ ይለቅማል፣ አንዱ ቶሎ ሲያስታውክ ሌላው ውስጥ ለውስጥ ሥራውን ይሠራል።

የሚጠመዱት ደግሞ ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ጊዜ የተመረዙት ከእስያ የሄዱ፣ አገራቸው እንጉዳይ መልቀም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እነሱ አገር የሚበላና ገና ልጅ እያለ አማኒታ ፋሎይደስን ቁርጥ የሚመስል እንጉዳይ አለ። አገራቸው ትክክል የነበረው ዕውቀት ካሊፎርኒያ ላይ ከዳቸው። ጀርመንም ውስጥ በ2015 ስደተኞች በዚሁ እንጉዳይ ሲመረዙ ሐኪሞች በተለያየ ቋንቋ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። አዲስ አበባ ለጾም ጥብስ የምንገዛው ሰው ያለማው እንጉዳይ ስለሆነ ከዚህ ጉዳይ ጋር አይገናኝም። ፍራንክፈርት ወይም ኦክላንድ ያለ ዘመድ ከመናፈሻ ዛፍ ሥር ያገኘው ግን ይገናኛል።

የበላ ሰው ካለ፣ ሕመም ባይሰማውም፣ ከዚያ ድስት የቀመሱት ሁሉ አብረው ሆስፒታል ይሂዱ። የተረፈውን ምግብ ይዛችሁ ሂዱ። ድስቱ ታጥቦ ከሆነ ቆሻሻ ቅርጫቱን ፈትሹ። ሲላጥ የተጣለው የግንዱ ሥር፣ ያ ከረጢቱ፣ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚገኘው።