ቲዲኤስ ምንድን ነው? ቁጥሩ ስለ ተህዋስያን ምንም አይናገርም

ባለፈው ሳምንት ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ጎረቤቴ እትዬ ቤት ቡና እየጠጣን በር ተንኳኳ። የውሃ ማጣሪያ የሚሸጥ ወጣት ነው። ትሁት ልጅ ነው። “እናቴ፣ ውሃ አፍልተው ነው የሚጠጡት?” አለ። እትዬ በየማለዳው አንድ ድስት ውሃ በከሰል ያፈላሉ። “አዎ ልጄ” አሉት።

ልጁ እስክሪብቶ የሚያህል የቲዲኤስ መለኪያ አወጣና ገና ትኩስ የሆነው ውሃ ውስጥ ነከረው። 340 አለ። ከማጣሪያው የወጣውን ለካ። 12 አለ። “አዩ እናቴ፣ ማፍላቱ ምንም አልጠቀመም። ቆሻሻው እንዳለ ነው።”

ሥራዬ የውሃ ጥራት ምርመራ ነው። ይህን ንግግር ዘንድሮ ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ልጁ የተማረውን ነው የሚናገረው፤ እሱን አልወቅስም። የተማረው ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ቤተሰብን ሊያሳምም ይችላል።

ቲዲኤስ በውሃ ውስጥ የሟሟ ነገር ድምር ነው። አብዛኛው ውሃው በድንጋይና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ የያዘው ማዕድን ነው፦ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔት። በማንቆርቆሪያችሁ ቂጥ ላይ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከዚሁ የመጣ ነው። እስክሪብቶው ድምሩን በቀጥታ አይመዝንም። ውሃው ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ያይና በስሌት ወደ ሚሊ ግራም በሊትር ይቀይረዋል።

ባቲ ሰኞ ገበያ ሄዳችሁ አንድ ጆንያ እህል አስመዘናችሁ እንበል። ሚዛኑ 100 ኪሎ አለ። ጆንያው ውስጥ ያለው ጤፍ ይሁን አሸዋ ሚዛኑ አያውቅም። ነቀዝ ይኑረው አይኑረውም አይነግራችሁም። ነቀዙን በፀሐይ ገድላችሁ መልሳችሁ ብታስመዝኑ ያው 100 ኪሎ ነው። ታዲያ ሰውየው “ፀሐዩ አልሠራም፣ ክብደቱ አልቀነሰምና” ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ቀጥሎ ደግሞ እህሉን ዘርግፎ ባዶውን ጆንያ ቢሰቅልና “አሁን ጸዳ” ቢል? እትዬ ቤት የሆነው ይኸው ነው።

የነቀዙን ክብደት ላስላላችሁ። አንድ ባክቴሪያ ከአንድ ሚሊ ግራም ቢሊዮንኛ ገደማ ነው የሚመዝነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ ቢኖር ሁሉም ተደምረው የአንድ ሚሊ ግራም ሺህኛ ገደማ ብቻ ናቸው። እስክሪብቶው ደግሞ ከአንድ በታች ማሳየት አይችልም። እነሱም ቢሆኑ የሟሟ ጨው አይደሉም። ስለዚህ አንድ ከተማ የሚያሳምም ውሃ 90 ሊያሳይ ይችላል፣ ጤነኛ የምንጭ ውሃ ደግሞ 400። እኛ ባክቴሪያ ስንፈልግ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በስስ ወረቀት አሳልፈን፣ ወረቀቱን ባክቴሪያ የሚያሳድግ ምግብ ላይ አስቀምጠን፣ 44 ዲግሪ አካባቢ አሙቀን እስከ ማግስቱ እንጠብቃለን። በሁለት ሰከንድ የሚያሳይ እስክሪብቶ የለም።

አንድ አስተያየት ሰጪ “ታዲያ የዓለም ጤና ድርጅት ለምን ስለ ቲዲኤስ ጻፈ?” ብሎ ተከራክሮኛል። የጻፈው ስለ ጣዕም ነው። ከ600 በታች ያለ ውሃ ባብዛኛው ለመጠጣት ይጥማል፤ ከ1000 ሲያልፍ እየከበደ ይሄዳል። ለጤና ብሎ ያስቀመጠው ገደብ የለም። የእትዬ 340 በሚጥመው ውስጥ ነው። እሱም ቢሆን ትኩስ ላይ የተለካ ነው። ውሃ በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ወደ 2 ከመቶ ይጨምራል። መለኪያው ሊያርመው ቢሞክርም በጣም በሞቀ ውሃ ላይ ይሳሳታል። ስለዚህ ልጁን “እስኪበርድ ጠብቅ” አልኩት። ከበረደ በኋላ 290 አለ።

ልጁ ግን ሌላም ነበረው። ሁለት ሁለት የብረት ዘንግ ያለው መሣሪያ በሁለቱ ብርጭቆ ውስጥ ከቶ ሶኬት ላይ ሰካው። ደቂቃ ሳይሞላ የእትዬ ውሃ ቡናማ ሆኖ ደፈረሰ። የማጣሪያው ግን እንደጠራ ቀረ። እትዬ ደነገጡ። “ይኼን ነው ለልጅ ልጆቼ የማጠጣው?”

“አብሽሩ እትዬ” አልኳቸው። ቡናማው የመጣው ከዘንጉ ነው። ኤሌክትሪክ በውሃው ሲያልፍ ብረቱ ይሟሟል፣ ዝገት ይሆናል። ማዕድኑ የወጣለት ውሃ ኤሌክትሪክ ብዙም ስለማያሳልፍ ዘንጉ አይሟሟም። የወጥ ጨው አስመጣሁና ከማጣሪያው በወጣው ውሃ ላይ ቁንጥር ጨምሬ አማሰልኩት። “እስኪ ድገመው” አልኩት። ከመጀመሪያው ብሶ ደፈረሰ። ልጁም አብሮን ነው የደነገጠው። እናንተም ቤት ይህ መሣሪያ ከመጣ ይህችን አድርጉ።

ማጣሪያ አትግዙ እያልኩ አይደለም። ከሰል ውድ ነው፣ ጭሱም ያስላል። ማፍላትን ሊተካ የሚችል ማጣሪያ አለ። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ቲዲኤስን የማይነካው ዓይነት ነው። ጥሩ የሸክላ ማጣሪያ ባክቴሪያንና ጃርዲያን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ይይዛል፤ የሟሟውን ማዕድን ግን ያሳልፋል። በእስክሪብቶ ብትለኩት 290 ገብቶ 290 ይወጣል። በዚህ ቁጥር ብቻ የሚፈርድ ሰው የሚበጀውን ማጣሪያ ይጥላል። ቁጥሩን ወደ 12 የሚያወርደው ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ነው። እሱ ሲሠራ ተህዋስያንንም ይይዛል። ግን ግፊት ይፈልጋል፣ አንድ ሊትር ለማጣራት ሦስት ሊትር ያህል ሊደፋ ይችላል። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣለት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው ፍሎራይድ ወይም ጨው ለበዛበት ውሃ ነው። እነዚህን ማፍላት አያወጣቸውም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን ይጠናከራሉ። ፍሎራይድ መኖሩ የሚታወቀው ግን በላቦራቶሪ ነው። እስክሪብቶው ድምር እንጂ ስም አይጠራም።

የሸክላው ማጣሪያም ጉድለት አለው። ቫይረስ ከቀዳዳው ስለሚያንስ ሊያልፍ ይችላል። ስለዚህ አተት በተሰማበት ሰሞን አጣርታችሁም ክሎሪን ጨምሩበት፣ ወይም አፍሉት። ሸክላው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች ደግሞ ማጣሪያ መሆኑ ቀርቷል።

ስለ ማፍላቱም የሚጠይቁኝ አሉ። ደሴ ከፍታዋ 2500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ይበቃል። ከ2000 ሜትር በላይ ላለ ሰው የሚመከረው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ነው። እትዬ ግማሽ ሰዓት ያንተከትኩት ነበር። ይልቅ ችግር ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። የፈላውን ውሃ ጥሬ ውሃ በነበረበት ባልዲ ይገለብጡትና ልጆቹ ኩባያ እያስገቡ ይቀዱት ነበር። አሁን በፈላበት ድስት ከድነው ያቀዘቅዙታል፤ የሚቀዳውም ቧንቧ ካለው ባልዲ ነው። ከሰሉ በግማሽ ቀንሷል። ለማጣሪያ ሻጩ ልጅም ስልክ ቁጥሬን ሰጥቼዋለሁ፤ ድርጅቱ የሸክላ ማጣሪያ ካለው ይዞልን እንዲመጣ።