በአሜሪካ ኮሙኒቲ ኮሌጅ የኮርስ ምዝገባ

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ምዝገባ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው የሬጅስትራር ሰልፍ ነው። ኮርሱን ግን በአብዛኛው የሚወስንለት ዲፓርትመንቱ ነበር። ተማሪው ከባቹ ጋር በሴክሽን ይመደባል፤ አድ እና ድሮፕ የሚባለውም ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ኤፍ ያለበትን ኮርስ ለመድገም ነው። አሜሪካ ኮሙኒቲ ኮሌጅ ሲገባ ነገሩ ይለያል። ኮርሱንም ሰዓቱንም መምህሩንም ራሱ ይመርጣል። ወንበሩን ግን ተሻምቶ ነው የሚያገኘው።

ሽሚያው የሚጀመረው ትምህርቱ ሊጀመር ወራት ሲቀሩት ነው። ምዝገባ ለሁሉም በአንድ ቀን አይከፈትም። ብዙ ኮሌጆች ብዙ ክሬዲት ለጨረሱ ተማሪዎችና ለቀድሞ ወታደሮች ያስቀድማሉ። አዲስ ገቢ መጨረሻ ላይ ነው። ተራው ደርሶም ሆልድ የሚባል የምዝገባ እገዳ ካለበት፣ ለምሳሌ ያልተከፈለ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት፣ ሲስተሙ አያስገባውም። ስለዚህ ሆልድ መኖር አለመኖሩን ቀደም ብሎ ማየት ነው።

ቀጥሎ ፕሪሪኩዚት፣ ማለትም ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ፣ ይመጣል። ነርሲንግ የሚፈልግ ሰው አናቶሚ ይወስዳል፤ ለአናቶሚ ደግሞ ብዙ ቦታ ጠቅላላ ባዮሎጂን ቢያንስ በሲ ማለፍ ይጠየቃል። ባዮሎጂውን አሁን እየተማረ ያለ ሰው ለጊዜው መመዝገብ ይችላል። ውጤቱ ሲመጣ ካላለፈ ግን ከአናቶሚው ይወጣል። የእኛን ሰዎች የሚያናድደው ሌላ ነው። አገር ቤት በባዮሎጂ ዲግሪ የያዘ ሰው እንኳ «ፕሪሪኩዚት አላሟላህም» ይባላል። ሲስተሙ የሚያየው ኮሌጁ የመዘገበውን ክሬዲት ብቻ ነዋ! ትራንስክሪፕቱ እንደ ደብሊው ኢ ኤስ ባለ ድርጅት ኮርስ በኮርስ ተገምግሞ ለኮሌጁ መድረስ አለበት። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ በምዝገባ ቀን የሚጀመር ሥራ አይደለም።

የወንበር ገደቡ ከክፍል ክፍል ይለያያል። ላብራቶሪ ያለው ኮርስ ቶሎ የሚሞላው የላብራቶሪው ጠረጴዛና ማይክሮስኮፕ ቁጥር ስለሚወስነው ነው። መምህሩ ደግ ቢሆንም ጠረጴዛ አይጨምርም። ሲሞላ ዌይትሊስት የሚባል የተጠባባቂዎች ዝርዝር ይከፈታል። ሰው ብዙ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ተማሪ እናስብ። የምትፈልገው የጠዋቱ አናቶሚ 24 ወንበር አለው፤ ሞልቷል። ዌይትሊስቱ ላይ 1ኛ ሆነች። ባዶ እጄን እንዳልቀር ብላ የማታውንም አናቶሚ ያዘች። ከሳምንት በኋላ አንድ ሰው ጠዋቱን ለቀቀ። ወንበሩን ያገኘው ግን 2ኛው ነው። አድልዎ አልነበረም። ሲስተሙ ተራዋን ጠብቆ ሊያስገባት ሞከረ፤ ያንኑ ኮርስ በሌላ ሴክሽን ይዛ ስላገኛት ዘለላት። ሰዓቱ ከሌላ ኮርሷ ጋር ቢጋጭ ወይም የክሬዲት ጣሪያዋን ቢያልፍም እንዲሁ ይዘላት ነበር። ቁጥሯ 1 ሆኖ እዚያው ይቀራል፤ ለዚህም ነው «1ኛ ነኝ» ብላ የተረጋጋችው። መፍትሔው ብዙ ኮሌጆች ሲስተም ላይ ያለው Swap ነው፦ «ጠዋቱ ከተገኘልኝ ብቻ ማታውን አውጣልኝ» እንደማለት። ጠዋቱ ካልተገኘ ማታው አይነካባትም።

ወንበር የሚለቀቀው በአብዛኛው በሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው ኮሌጁ ያልከፈሉትን የሚያወጣበት ቀን ነው፤ ያን ጊዜ በርከት ያለ ቦታ በአንዴ ይከፈታል። ሁለተኛው የመጀመሪያው የትምህርት ሳምንት ነው። ዌይትሊስቱ በተወሰነ ቀን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ብዙ ቦታ መምህሩን መጠየቅ ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ ዌይትሊስት ላይ ያለ ሰው የመጀመሪያውን ቀን ክፍል ተገኝቶ ራሱን ቢያሳይ አይጎዳም።

የአድ እና ድሮፕ ጊዜው አጭር ነው። ኮርስ መጨመሪያው ቀድሞ ይዘጋል። ማውጫው ግን ሁለት ደረጃ አለው። ብዙ ቦታ ገንዘብ ተመላሽ በሚሆንበት ቀን ውስጥ የወጣ ኮርስ ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም። ቀኑ ካለፈ በኋላ የወጣ፣ ኮርሱ መቋረጡን የሚያሳይ ደብልዩ ሆኖ ይቀመጣል፤ ጂፒኤ አይነካም፣ ገንዘቡ ግን አይመለስም። ክፍል መቅረት ብቻውን ድሮፕ ነው ብሎ መቀመጥ አደገኛ ነው። ሲስተሙ ውስጥ ካልወጣ ኤፍ ሊመጣ ይችላል።

በኤፍ ዋን ቪዛ ያለ ተማሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለበት። በመደበኛ ሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፤ ዌይትሊስት ላይ ያለው አይቆጠርም። ከኦንላይን ትምህርትም ለዚህ የሚቆጠርለት ከአንድ ኮርስ ወይም ከ3 ክሬዲት አይበልጥም። 9 ክሬዲት ይዞ ለአናቶሚ 4 ክሬዲት ወረፋ የሚጠብቅ ሰው በወረቀት ላይ 9 ብቻ ነው ያለው። 12 ክሬዲት ይዞ አንዱን ኮርስ ማውጣት የፈለገም ቁልፉን ከመጫኑ በፊት የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ሄዶ ማስፈቀድ አለበት። ሲስተሙ ራሱ ላያስቆመው ይችላል።