ለሱፐርማርኬት የደንበኞች ሽልማት ስምና መፈክር ማውጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ስሙ ውስጥ ‹ፋሲል› ከገባ ጎንደሬ ሁሉ የራሱ ያደርገዋል።»

ጎንደር ውስጥ ፋሲል ሲባል ቤተ መንግሥቱም፣ የእግር ኳስ ክለቡም ይታሰባል፤ ስለዚህ ሸማቹ የሽልማት ካርዱን ከአንድ ሱቅ ጋር ብቻ የሚያያይዝበት ምክንያት አያገኝም። የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 የሚጠይቀውም ምልክቱ የአንዱን ነጋዴ አገልግሎት ከሌላው እንዲለይ ነው።

«‹ታማኝ ደንበኛ› ብሎ መሰየም ሸማቹን ማክበር ነው።»

ስም ሲመረጥ በወረቀት ላይ ከማየት ይልቅ ከገንዘብ ተቀባይዋ አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚሰማ ማሰብ ይበጃል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሒሳብ በሚከፈልበት ቦታ፣ ከኋላ ሰው ተሰልፎ ሳለ ነውና። «እማማ፣ ታማኝ ደንበኛ ነዎት?» የተባሉ እናት የተጠየቁት ስለ ካርዱ ሳይሆን ስለ ጠባያቸው ይመስላቸዋል፤ ካርድ ከሌላቸውም በሰው ፊት «አይደለሁም» ለማለት ይገደዳሉ። «ደንበኛዬ» ደግሞ ነጋዴ ሁሉ ገዢውን የሚጠራበት ስለሆነ መለያ አይሆንም። እኔ የምመርጠው «ምርቃት» የሚለውን ነው። ሽንኩርት ሻጯ ከመዘነች በኋላ ጣል የምታደርገውን ጭማሪ የማያውቅ የለም፤ «የምርቃት ካርድ ይዘዋል?» የሚለው ጥያቄም ማንንም አያሳፍርም። ቃሉ የገበያው ሁሉ በመሆኑ ግን ሲመዘገብ ከሱቁ መጠሪያና ከአርማው ጋር ቢጣመር ይሻላል።

«መፈክሩ ‹በነጻ ይሸምቱ› ካላለ ማንም አይመዘገብም።»

ሱቁ ለእያንዳንዱ 100 ብር ግዢ 1 ነጥብ ይሰጣል፣ 1 ነጥብም በ1 ብር ይመነዘራል እንበል። በወር 3,000 ብር የሚሸምት ቤተሰብ 30 ብር፣ በሦስት ወር 90 ብር፣ በዓመት 360 ብር ያገኛል ማለት ነው። ይህ ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን የ1 በመቶ ቅናሽ እንጂ ነጻ ሸመታ አይደለም፤ «በነጻ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው 90 ብሩን ሲያይ እንደተታለለ ይሰማዋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «ከመቶ ብር አንዱ ለእርስዎ» ቢባል ሒሳቡ በግልጽ ይታያል፤ ሆኖም ትርፋቸው ቀጭን የሆኑት ዘይትና ስኳር ነጥብ የማያስገኙ ከሆነ ይህም መፈክር ሐሰት ይሆናል። ባለቤቱ ምጣኔውን ወደፊት ሊለውጥ የሚችል ከሆነም መፈክሩ ቁጥር ባይጠቅስ፣ ለምሳሌ «በገዙ ቁጥር ምርቃት አለዎት» ቢል፣ ዝርዝሩም በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ቢጻፍ ይመረጣል።

«መፈክር ረዘም ሲል የበለጠ ያስረዳል።»

ነጥቡ ለደንበኛው የሚነገረው ብዙ ጊዜ በስልክ አጭር መልእክት ነው። አንድ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ምልክት ሲይዝ፣ በአማርኛ ግን ክፍት ቦታውን ጨምሮ 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ተከፋፍሎ ይላካል፣ ክፍያውም በዚያው ልክ ይጨምራል። «በገዙ ቁጥር ምርቃት አለዎት» 17 ምልክት ስለሚወስድ ለሱቁ ስም፣ ለነጥቡና ለቀኑ 53 ይተርፋል።